የእናትዎ ሙሉ ስም? አንዲት ጡረተኛ መምህርት ከቁጠባ ገጻቸው የታገዱበት ጉዳይ

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. አንዲት ጡረተኛ መምህርት ከቀበና ተነስተው አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ብዙም ወደማይርቀው ቢሯችን መጡ። የምሠራው በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሲሆን፣ አባላት ቁጠባቸውን በኢንተርኔት የሚያዩበትን ሥርዓት የምጠብቀው እኔ ነኝ። መምህርቷ በእጃቸው ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ይዘው ነበር። ከተቀመጡ በኋላ ደብተሩን ገልጠው ወደ እኔ አዞሩትና «ልጄ፣ ይህ ኮምፒውተር የእናቴን ስም አታውቂም ይለኛል» አሉኝ።

እኚህ ሴት ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። የተማሪን ድርሰት ሲያርሙ «ሥላሴ» በንጉሡ ሠ እንጂ በእሳቱ ሰ እንደማይጻፍ ስንት ሺህ ጊዜ በቀይ እንዳሰመሩ መገመት አያስቸግርም። እንዲህ ያለ ሰው የእናቱን ስም በትክክለኛ ፊደል ጽፎ «መልስዎ ትክክል አይደለም» ሲባል ምን እንደሚሰማው ፊታቸው ላይ አየሁት። መግቢያቸውን በአካል መታወቂያ አይተን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልንከፍትላቸው እንችል ነበር፤ ከፈትንላቸውም። እርሳቸው ግን አልተነሱም። «ስሕተቴ የቱ ጋ እንደሆነ ሳታሳየኝ አልሄድም» አሉ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ነው። እውነተኛ ስማቸውንም ሆነ የእናታቸውን ስም አልጠቅስም፤ በእናታቸው ስም ምትክ በትክክል ያንኑ ችግር የሚያመጣ ሌላ ስም፣ ጽጌ ወልደ ሥላሴ የሚለውን፣ አስገብቻለሁ። ሙከራዎቹንም በዚሁ ስም ልክ አስተካክያቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው የይለፍ ቃላቸውን በመርሳታቸው ነው። ሥርዓታችን በዚህ ጊዜ አባሉ ሲመዘገብ የመለሰውን የደኅንነት ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። አምስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ለ24 ሰዓት ይታገዳል። መምህርቷ ሦስት ቀን ሞክረው አሥራ አምስቱንም ሙከራ ከነሰዓቱ በደብተራቸው መዝግበዋል። በሥራዬ እንዲህ ያለ ማስረጃ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ሁሉንም ሞክሬዋለሁ» ይላሉ እንጂ ምን እንደሞከሩ አያስታውሱም፤ እኛም ሥርዓቱ የተሳሳተ መልስን በግልጽ ጽሑፍ ስለማያስቀምጥ ልናየው አንችልም።

በመጀመሪያው ቀን የሞከሩት ሁሉ በአማርኛ ፊደል ነበር። ጽጌ ወልደ ሥላሴ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ቃል አጋጥመው ወልደሥላሴ፤ ከዚያ ጽጌ ብቻ፤ ከዚያ ወልደ ሥላሴ ብቻ፤ በመጨረሻ ደግሞ «ፅጌ ወልደ ስላሴ»። ከዚህ ከመጨረሻው አጠገብ በትንሽ ጽሕፈት «ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ ብዬ» የሚል ማስታወሻ አለ። ያን ማስታወሻ ሳነብ መልሱ ጫፍ ላይ ደርሰው እንደነበር ገባኝ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጃቸው ተቀምጦ በላቲን ፊደል ሞክሮላቸዋል። `Tsige Woldeselassie`፣ `Tsige Weldeselassie`፣ `Tsigie Wolde Selassie` እያለ እስከ አሥር ይደርሳል። አንዱም አልገጠመም።

እዚህ ላይ ማሽኑ መልሱን እንዴት እንደሚያመሳክር መናገር ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው የሚገምተው ሌላ ነውና። በመዝገባችን ውስጥ የእናታቸው ስም የለም። ያለው ሃሽ የሚባለው ነው፤ ስሙ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድ ስሌት ተፈጭቶ የወጣ፣ በ`$2b$` የሚጀምር 60 ምልክት ያለው ሕብረቁምፊ። ከዚህ ተነስቶ ወደ ስሙ መመለስ አይቻልም። ሰውየው መልስ ሲጽፍ የጻፈው እንደገና በዚያው ስሌት ይፈጭና ሁለቱ ውጤቶች ይነጻጸራሉ። ከመፈጨቱ በፊት ሥርዓቱ የሚያደርገው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ በመነሻና በመድረሻ ያለ ባዶ ቦታን ማስወገድ፣ የላቲን ትላልቅ ፊደላትን ወደ ትንንሽ መለወጥ። ከዚያ ውጭ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ውጤቱ ከላይ እስከ ታች ይለወጣል። በሃሽ ዓለም «ተቀራራቢ» የሚባል መልስ የለም። ጽጌና ፅጌ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ለሚሰጥበት ሠንጠረዥ፣ ለዩኒኮድ ግን ጸ እና ፀ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች፣ U+1338 እና U+1340 ናቸው። ዩኒኮድ ፊደላትን አንድ መልክ የሚያስይዝበት የራሱ ደንብ ቢኖረውም፣ ያ ደንብ እነዚህን የእኛን ሞክሼ ፊደላት አይነካቸውም።

የእርሳቸው ጉዳይ ግን ከሞክሼ ፊደላት በላይ ነበር። ከመዝገብ ቤት በ2009 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው የሞሉትን ቅጽ አወጣሁ። በቅጹ ላይ «የእናት ሙሉ ስም» ከሚለው አጠገብ ያለው መስመር አጭር ነው። መምህርቷ ባማረ ጽሕፈት «ጽጌ ወ/ሥላሴ» ብለው ሞልተዋል። ቦታው ስላልበቃቸው እንደማንኛችንም ወልደን በወ/ አሳጥረውታል። ይህን አላስታወሱም፤ ለምን ያስታውሱታል? ስም ሲጠራ ወ/ ተብሎ አይጠራም።

ከቅጹ ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው ደግሞ ያኔ የነበረች የመዝገብ ሠራተኛ ናት። በዚያን ጊዜ የነበረው ሥርዓት የሚቀበለው የላቲን ፊደል ብቻ ስለነበር በአማርኛ የተሞላውን እርሷ በራሷ አጻጻፍ ወደ ላቲን ገልብጣዋለች። በ2014 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲቀየር አዲሱ ገጽ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሆነ። ቀድሞ `Mother's full name` ይል የነበረው «የእናትዎ ሙሉ ስም?» ሆነ። የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ተተረጎመ፤ መልሱ ግን በሃሽ ተቆልፎ ስለነበር አልተተረጎመም፤ ሊተረጎምም አይችልም። በአማርኛ የተጠየቀ ሰው በአማርኛ ይመልሳል። የሚጠበቀው መልስ ግን የማያውቁት ሰው፣ ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ፊደል የጻፈው ነው። የልውውጡን ሥራ ከሠሩት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ይህን አላሰብኩትም።

ታዲያ ሠራተኛዋ የጻፈችው ምን ነበር? በግምት ብቻ የሚደረስበት እንዳልሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ጽጌን ሰዎች ቢያንስ በአራት መንገድ ይጽፉታል፤ Tsige፣ Tsigie፣ Tsege፣ Tsegie። ወልደን Wolde ወይም Welde ይሉታል። ሥላሴን Selassie፣ Sellassie፣ Silassie፣ Selase እያሉ የሚጽፉ አሉ። ወልደና ሥላሴ ደግሞ ይጋጠማሉ ወይም ይለያያሉ። አራት በሁለት፣ በአራት፣ በሁለት ሲባዛ 64 ነው። በቀን አምስት ሙከራ ለሚፈቀድለት ሰው 13 ቀን ማለት ነው፤ ያም ሆኖ ወ/ የሚለው ማሳጠሪያ ከ64ቱ ውስጥ የለም።

ይህ ብዛት የሚመጣው ከጸሐፊዎች ግድየለሽነት አይደለም። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ በስሱ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም፤ የላቲን ጸሐፊ በዚያ ቦታ i ወይም e ይጽፋል፣ ወይም ምንም አይጽፍም። ኃምስን አንዱ e፣ ሌላው ie ይለዋል። የሚጠብቅ ድምፅን አንዱ ፊደል በመደገም ያሳያል፣ ሌላው ይተወዋል። የላቲን ፊደል ለአማርኛ የተሠራ አይደለም፤ መንግሥታትና ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙባቸው የገለበጣ ሥርዓቶች ቢኖሩም፣ በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ስም የሚገለብጥ ሠራተኛ የሚከተለው እጁ የለመደውን ነው።

መውጫው የተገኘውም ከዚሁ ከእጅ ልማድ ነው። የደኅንነት ጥያቄ መልሶች ቢፈጩም የአባላቱ የራሳቸው ስሞች በግልጽ ተቀምጠዋል። ያቺ ሠራተኛ በዚያ ወር ያስገባቻቸውን ስሞች አውጥቼ አየኋቸው። ሥላሴ ባለበት ሁሉ ያለማቋረጥ Sellassie ብላለች፤ ሁልጊዜ በድርብ l። በጌ የሚያልቅ ስም ሲመጣ gie ትጽፋለች። በቅጹ ላይ ወ/ ወይም ገ/ ካለ ሳትዘረዝር W/ ወይም G/ ብላ ትገለብጣለች። የቀረው ጥርጣሬ ጽ Tsi ነው ወይስ Tse፣ ከሰያፉም መስመር በኋላ ባዶ ቦታ አለ ወይስ የለም የሚለው ብቻ ነበር። አራት አማራጭ። ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ፈቅዶ፣ መምህርቷ አጠገቤ ተቀምጠው፣ በመዝገቡ ቅጂ ላይ አራቱን በየተራ ሞከርኩ። ሦስተኛው ገጠመ።

`Tsegie W/Sellassie`

መምህርቷ መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ «ይህ የእናቴ ስም ነው?» አሉኝ። «አይደለም እማማ፤ ሠራተኛዋ የጻፈችው ነው» አልኳቸው። ደብተራቸውን ከፍተው በአሥራ ስድስተኛ ቁጥር ገለበጡት።

እኔን ግን ከዚያ በኋላ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሦስት ሙከራ ብቻ በቅቶኛል። የመዝገቡ ቅጂ በክፉ ሰው እጅ ቢገባ እርሱም ያንኑ ማድረግ ይችል ነበር። ባለቤቷ አሥራ አምስት ጊዜ ሞክራ ያልተከፈተላት በር፣ የሠራተኛን የእጅ ልማድ ላጠና እንግዳ ቶሎ ይከፈታል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ጥገናዎችን አሰብን፤ አንዱን ተቀበልን፣ አንዱን ጣልን።

የተቀበልነው በአማርኛ ፊደል ውስጥ የሚደረገውን ማጠፍ ነው። መልሱ ከመፈጨቱ በፊት ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። በሀ እና በአ ረድፍ ግእዙና ራብዑ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስላላቸው እነርሱም አንድ ይሆናሉ፤ አለበለዚያ ኃይለ፣ ሃይለ፣ ሀይለ እና ሐይለ አራት የተለያዩ መልሶች ሆነው ይቀራሉ። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ረድፍ በስምንት ቦታ ስለተደረደረ ሥራው አጭር ነው።

```python
ROWS = {0x1210: 0x1200, 0x1280: 0x1200,
        0x1220: 0x1230, 0x12D0: 0x12A0,
        0x1340: 0x1338}

def fold(text):
    out = []
    for ch in text:
        base, order = ord(ch) & ~7, ord(ch) & 7
        if order < 7:
            base = ROWS.get(base, base)
            if base in (0x1200, 0x12A0) and order == 3:
                order = 0
        out.append(chr(base + order))
    return "".join(out).replace(" ", "")
```

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ማሳጠሪያዎች ከማጠፉ በፊት መዘርዘር አለባቸው። ኃ/ማርያም ብዙውን ጊዜ ኃይለ ማርያም ሲሆን ሀ/ማርያም ሀብተ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ ፊደላቱን አስቀድሞ ያጠፈ ሰው ሁለቱን የሚለየውን ብቸኛ ምልክት ያጠፋዋል። እኛ ማሽኑ እንዲገምት አላደረግንም። አባሉ በመልሱ ውስጥ ሰያፍ መስመር ከጻፈ ገጹ «እባክዎ ስሙን ሳያሳጥሩ ይጻፉ» ይለዋል።

የጣልነው በላቲን ፊደል የሚደረገውን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መጀመሪያ ጎን ለጎን የተደገሙትን ፊደላት አንድ አድርገን፣ ከዚያ አናባቢዎቹን ሁሉ አውጥተን ተነባቢዎቹን ብቻ እናስቀር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በመጀመሪያ ሲያዩት ያምራል። ከላይ የቆጠርናቸው 64 አጻጻፎች ሁሉ `tsgwldsls` የምትለው አንዲት ቁልፍ ላይ ያርፋሉ፤ ከአማርኛው ጽጌ ወልደ ሥላሴም ተነስቶ ያንኑ ማግኘት ይቻላል። እኔም ለአንድ ቀን ያህል መፍትሔው ይኸው ነው ብዬ ነበር። ችግሩ የታየው ሌሎች ስሞችን ስናስገባ ነው። አበበና አበባ አንድ ሆኑ፣ `bb`። ጽጌና ጸጋም አንድ ሆኑ፣ `tsg`። ስለዚህ ጸጋ ወልደ ሥላሴ የሚባል ሰው፣ ምናልባትም የእናቲቱ ወንድም፣ ስሙን ሲጽፍ የእኅቱን ልጅ በር ይከፍታል። ኃይሌን አንዱ Haile ሌላው Hayle ስለሚለው y ፊደልም መውጣት አለበት፤ ያኔ ደግሞ ሌሎች ስሞች ይጋጫሉ። አማርኛ የቃሉን ሥር በተነባቢ፣ ቅርጹን በአናባቢ የሚይዝ ቋንቋ ነው፤ አናባቢውን ስታወጣ የሚቀርህ የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የብዙ ስሞች አጥንት ነው።

ይህን ስንነጋገር መምህርቷ አንድ ነገር አሉ፤ የውይይታችን አቅጣጫ የተቀየረው በዚያ ነው። «ለመሆኑ የእናቴን ስም ማን የማያውቅ አለ?» አሉ። «እድርተኛው ያውቃል፤ ያስተማርኳቸው ያውቃሉ፤ ስትሞት በድንኳን ተነግሯል። የአጎቴን ሙሉ ስም የሚያውቅ ደግሞ የእናቴን አባት ስም ያውቃል፤ ያው አንድ ስም አይደለም እንዴ?» ልክ ናቸው። ጥያቄው የተወረሰው ሴት ስታገባ የአባቷን ቤተሰብ ስም ከምትለውጥበት አገር ነው። እዚያ የእናት የቀድሞ ስም ቢያንስ ከልጁ ስም ላይ አይነበብም። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟ አይለወጥም፤ የእናት የአባት ስም ደግሞ በአጎቶችና በአክስቶች ሁሉ ስም ላይ ተጽፎ በአደባባይ ይዞራል። ባለቤቷን በአጻጻፍ የሚያግድ፣ ጎረቤትን ግን በእውቀት የማያግድ ጥያቄ ነው።

ሌላው ዓለምም ይህን ዓይነት ጥያቄ እየተወው ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሆኑት የአሜሪካ ተጠቃሚዎቹ መካከል 40 በመቶው በሚያስፈልጋቸው ጊዜ መልሳቸውን ማስታወስ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ጠያቂውም መላሹም በአንድ ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በየካቲት ወር የስም ጥያቄዎችን ለአዲስ አባላት ሙሉ በሙሉ አነሳን። አሁን እያንዳንዱ አባል ሲመዘገብ ስምንት የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ታትመው ይሰጡታል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራሉ፤ አኃዝ ብቻ ስለሆኑም በየትኛውም ፊደል አይለዋወጡም። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው በአካል መጥቶ በፋይዳ መታወቂያው ይስተናገዳል። ወደ ስልክ በሚላክ ቁጥር ብቻ መተማመን አልፈለግንም፤ ከአባሎቻችን መካከል ስልካቸውን የቀየሩና ለማሳወቅ የዘነጉ ብዙዎች ናቸውና።

ነባሮቹ አባላት አስቸግረውናል። አሮጌው ሃሽ ተፈጭቶ ያለቀ በመሆኑ ማጠፊያው ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራበትም፤ አባሉ ራሱ በይለፍ ቃሉ ገብቶ መልሱን እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። እንዲህ ሲያደርግ በየትኛው ፊደል እንደጻፈ አብረን እናስቀምጣለን። መልሶ ሲጠየቅ ከጥያቄው ሥር «ይህን የመለሱት በአማርኛ ፊደል ነው» ወይም «በላቲን ፊደል ነው» የሚል አንድ መስመር ይታየዋል። ይህ ለሌባም ፍንጭ ነው፤ ተከራክረንበታል። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ብቻ ማንም እንዳይገባ ስላደረግን፣ ከመጠባበቂያ ቁጥሩ ጋር የሚጠየቅ ሁለተኛ ማረጋገጫ ስለሆነ፣ ጥቅሙ ያመዝናል ብለን ወሰንን። ገና ላልገቡት ደግሞ «በላቲን ፊደል፣ በመዝገብ ሠራተኛ የተሞላ» የሚል ምልክት አድርገንባቸዋል፤ ጥያቄው አይቀርብላቸውም፤ ወደ ቢሮ እንዲመጡ ይነገራቸዋል። ውጭ አገር ያሉት በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና መላክ ግድ ይሆንባቸዋል። ይህ ከባድ ነው፤ ቀላል መንገድ ግን አላገኘንም።

መምህርቷ አዲሱን ቅጽ የሞሉት በዚያው ሳምንት ነው። የስም መስመሩ አጭር እንደሆነ በድጋሚ ነገሩን፤ እኛም ለሚቀጥለው ኅትመት ሙሉውን የገጽ ስፋት እንዲይዝ አደረግነው። የመጠባበቂያ ቁጥሮቻቸውን ወረቀት አጣጥፈው በሰማያዊው ደብተር ውስጥ አኑረው ወደ ቀበና ተመለሱ።